በወር 20 ሰሃን አሳ፦ የአንዲት የባሕር ዳር ነጋዴ የጡረታ ስሌት

ይህን ጉዳይ የጻፍኩት ባለጉዳይዋ ስለፈቀደችልኝ ነው። ስሟንም ሆነ የቤቷን ስም አላነሳም። የተጠቀሱት ቁጥሮች ግን አብረን ደብተር ላይ የሠራናቸው ናቸው።

## መነሻው

ባለጉዳይዋ ከሽምብጥ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ አሳ ቤት አላት። ጥብስ፣ ለብለብና ጉላሽ ትሸጣለች። ቆሮሶ ሲገኝ ቆሮሶ፣ ሲጠፋ አምባዛ። መጀመሪያ ስናወራ መስከረም 2017 ዓ.ም. ነበር። ያኔ 42 ዓመቷ ነው። እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ግብሯንም በየዓመቱ የማሠራላት እኔ ነኝ።

ተቀጥራ አታውቅም። ስለዚህ ለተቀጣሪ ከደመወዙ 7 በመቶ ተቆርጦ፣ አሠሪው 11 በመቶ ጨምሮበት የሚገባው የጡረታ መዋጮ ለእሷ የለም። ያላት ሦስት ነገር ነው። ግቢዋ ውስጥ በድምሩ በወር 4,000 ብር የሚከራዩ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። ባንክ ውስጥ 150,000 ብር አላት። ከሁሉም በላይ ደግሞ አሳ ቤቱ አለ። እሱ ግን እጇና ጉልበቷ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

ጥያቄዋ ቀላል ነበር። በ60 ዓመቷ ምድጃውን ትታ መቀመጥ ትፈልጋለች። ለዚህ በየወሩ ስንት ታስቀምጥ?

## የወንድሟ ልጅ ስሌት

እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት የወንድሟ ልጅ ስልኩ ላይ ሠርቶላት ነበር። ልጁ ሰነፍ አይደለም። አካሄዱም እስከ ግማሽ ድረስ ልክ ነው።

መጀመሪያ የወር ወጪዋን ጠየቃት። ልጆቹ ራሳቸውን ችለው ሲወጡ በዛሬው ዋጋ 12,000 ብር ይበቃኛል አለች። ከኪራይ 4,000 ይገባል። ስለዚህ የሚጎድለው በወር 8,000 ነው። ከ60 እስከ 85 ዓመት 25 ዓመት አለ። 8,000 በ12፣ ከዚያ በ25 ሲባዛ 2,400,000 ብር ይሆናል። ግቧ ይኼ ሆነ።

ቀጥሎ ባንክ ጠየቀ። በጊዜ ገደብ ለሚቀመጥ ገንዘብ በዓመት 14 በመቶ እንደሚከፈል ነገሩት። 18 ዓመት ማለት 216 ወር ነው። ስልኩ ላይ በየወሩ ስንት መቀመጥ እንዳለበት የሚያሰላውን ቀመር እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

```
=PMT(0.14/12, 216, 0, -2400000)
```

መልሱ 2,489 ብር መጣ። ቁጥሩ በደብተሯ ላይ በቀይ ተከቦ ነው ያየሁት። ደስ ብሏታል። በወር 2,489 ብር ለእሷ ከባድ አይደለም፤ በደህና ወር እስከ 6,500 ብር ሊተርፋት ይችላል።

የቀመሩን አሠራር ደግሜ አየሁት። ስህተት የለውም። ስህተቱ ወደ ቀመሩ በገቡት ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው። 2,400,000 የዛሬ ብር ነው፤ ምክንያቱም የተነሣው ከዛሬው የወር ወጪ ነው። 14 በመቶ ደግሞ የነገ ብር ነው፤ የዋጋ ንረቱም በውስጡ አለ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲቀላቀሉ የሚወጣው መልስ ሁልጊዜ ደስ የሚያሰኝ፣ ሁልጊዜም የተሳሳተ ነው። በሥራዬ ካየኋቸው የጡረታ ስሌቶች በብዛት የሚደገመው ስህተት ይኼ ነው።

## ያኔ ስንት ሰሃን ይገዛል?

ይህን ላስረዳት ሞክሬ አልሆነልኝም። «የዋጋ ንረት» ስላት ራሷን ትነቀንቃለች እንጂ ቁጥሩ ላይ ምን እንደሚያደርግ አልታያትም። በመጨረሻ ራሷ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁለት ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ያኔ ስንት ሰሃን አሳ ይገዛል?»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ። በወቅቱ አንድ ሰሃን ጥብስ በ230 ብር ትሸጥ ነበር። የወር ጉድለቷ 8,000 ብር ማለት ወደ 35 ሰሃን ነው። ግቡ 2,400,000 ብር ደግሞ 10,435 ሰሃን ይሆናል።

ዋጋ በየዓመቱ 12 በመቶ ቢጨምርስ? በ18 ዓመት ውስጥ ዋጋ 7.69 እጥፍ ይሆናል። አንዱ ሰሃን 1,769 ብር ይገባል። ያኔ በ2,400,000 ብር የሚገዛው 1,357 ሰሃን ነው። ይኸውም በወር 35 ሰሃን ስትል 39 ወር ያቆያታል። 25 ዓመት ያልነው ወደ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ወረደ። በ60 ዓመቷ ምድጃውን ትታ በ64ኛው ልትመለስበት ነው ማለት ነው።

ዝም አለች። ቀዩን ክብ በእስክሪብቶ ሰረዘችው።

## እውነተኛው ዕድገት ስንት ነው?

ቀጣዩ ሥራ 14 በመቶውን ወደ ሰሃን መቀየር ነበር። ይህንንም በ230 ብር ሠራነው።

ባንክ 14 በመቶ ወለድ ቢሰጥ ከወለዱ ላይ ግብር ይቆረጣል። በዚያን ጊዜ የሚቆረጠው 5 በመቶ ነበር። ስለዚህ እጇ የሚገባው 13.3 በመቶ ነው። 230 ብር ከዓመት በኋላ 260.60 ይሆናል። ሰሃኑ ደግሞ በ12 በመቶ ጨምሮ 257.60 ይገባል። አንድ ሰሃን ገዝታ 3 ብር ይተርፋታል። እውነተኛው ዕድገት ይህ 3 ብር ነው፤ ከሰሃኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር 1.16 በመቶ ገደማ።

በተራ የቁጠባ ሂሳብ ብታስቀምጠውስ? 7 በመቶ ወለድ ከግብር በኋላ 6.65 ይሆናል። 230 ብሩ 245.30 ይደርሳል። ሰሃኑን ለመግዛት 12.30 ይጎድላታል። ወለድ እየተከፈላት በየዓመቱ ወደ 5 በመቶ የሚጠጋ ሰሃን ታጣለች። ያላት 150,000 ብር ለዓመታት የተቀመጠው እዚህ ነበር።

12 በመቶ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ትንቢት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሲወጣ የሁላችንም ኪስ ያስታውሰዋል። ያን ጊዜ 14 በመቶ እንኳ ከባድ ኪሳራ ነበር። ስለዚህ ዋናው ነገር ንረቱ 12 ነው ወይስ 20 የሚለው ሳይሆን፣ በወለዱና በንረቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ጥንቃቄም የሚገባው እዚህ ልዩነት ላይ ነው። 1.16 በመቶውን ትተን ዜሮ ያዝን። ገንዘቡ ከዋጋ ጋር እኩል ይሮጣል፣ አይቀድምም፣ አይቀርምም ማለት ነው። ከዚያ ከላይና ከታች 2 በመቶ አድርገን ሦስት መልስ አወጣን። ለ2,400,000 ብር፣ ለ216 ወር፦

- ከዋጋ በላይ በዓመት 2 በመቶ ካደገ፣ በወር 9,240 ብር
- ከዋጋ ጋር እኩል ከሄደ፣ በወር 11,111 ብር
- ከዋጋ በታች 2 በመቶ ከቀረ፣ በወር 13,222 ብር

ዜሮውን ለመሥራት ቀመርም አያስፈልግም፤ 2,400,000ን ለ216 ማካፈል ነው። የማኅበር ገንዘብ ያዥ በቃሉ ይሠራዋል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ሁሉ የዛሬ ብሮች ናቸው። 11,111 ብር በየወሩ ለ18 ዓመት ሳይቀየር ማስቀመጥ ማለት አይደለም። ዋጋ በጨመረ ቁጥር መዋጮውም አብሮ መጨመር አለበት። ይህን የዘነጋ ሰው ትክክለኛውን ስሌት ይዞ የወንድሟ ልጅ መልስ ላይ ይወድቃል።

## 11,111 ከየት ይምጣ?

አይመጣም። አቅሟ በደህና ወር 6,500 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ የዕድገቱን ቁጥር ከፍ አድርጎ ችግሩን ወረቀት ላይ ይፈታዋል። 2 በመቶውን 6 ማድረግ ቀላል ነው። ባንኩ ግን ወረቀታችንን አያነብም። ስለዚህ ዜሮውን አልነካንም፤ የቀሩትን ቁጥሮች አንድ በአንድ ነካናቸው።

መጀመሪያ 150,000 ብሯን ከግቡ ቀነስን። 2,250,000 ቀረ። በወር 10,417 ሆነ። ጥሩ ነው፣ ግን አልበቃም።

ቀጥሎ ዕድሜውን አነሳን። 60 ለእሷ ሕግ አይደለም፤ ከተቀጣሪዎች የሰማችው ቁጥር ነው። 63 ብናደርገውስ? ሦስት ዓመት ጨምራ ታስቀምጣለች፣ ከተቀመጠው ላይ የምትበላው ደግሞ ሦስት ዓመት ይቀንሳል። ለ22 ዓመት 2,112,000 ይበቃል። 150,000ው ሲቀነስ 1,962,000። ይህ ለ252 ወር ሲካፈል 7,786 ብር ነው። በአንድ ውሳኔ ከ2,600 ብር በላይ ወረደ። ዕድገቱ ዜሮ በሆነበት ስሌት እንደ ዕድሜ ያለ ጉልበተኛ ቁጥር የለም።

ሦስተኛው ሐሳብ የእሷ ነው። «ለምን ሦስተኛ ክፍል አልሠራም?» አለች። መጀመሪያ አልወደድኩትም ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን የቤት ኪራይ በየጊዜው ከዋጋ ጋር ይጨምራል። እኛ ለባንኩ በጥንቃቄ የያዝነውን ዜሮ፣ ግድግዳው ያለ ድርድር ይሰጣል። ደግሞም 85 ዓመት ላይ አያልቅም። ግንበኛው 240,000 ብር ይፈጃል ብሏታል። 150,000 አላት፤ ቀሪው 90,000 ከዕቁቧ ይወጣል። ክፍሉ 2,500 ብር ይከራያል ተብሏል። ባዶ የሚቆምበትንና የሚታደስበትን ወር አስበን 2,000 ብቻ ቆጠርን።

አሁን የኪራዩ ድምር 6,000 ሆነ፤ ጉድለቱም 6,000። ለ22 ዓመት 1,584,000 ብር ይሆናል። ከባንክ የሚቀነስ ተቀማጭ የለም፤ ወደ ግድግዳ ገብቷል። ክፍሉን ለመሥራት አንድ ዓመት ስለሚሄድ የቀረው 240 ወር ነው። ሲካፈል በወር 6,600 ብር። ከዚህ ውስጥ 2,000ው ከአዲሱ ክፍል ኪራይ ይመጣል። ከአሳ ቤቱ የሚጠበቀው 4,600 ብር ነው።

4,600 ብር ለ230 ሲካፈል ልክ 20 ሰሃን ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ይህ እንዲገጥም አስቤው አልነበረም። እሷ ግን ወዲያው ያዘችው። መዋጮዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ 4,600 ብር ሳይሆን በወር 20 ሰሃን ተባለ። ጥቅሙ ግልጽ ነው። የሰሃኑ ዋጋ ሲጨምር መዋጮው ያለ ስብሰባ፣ ያለ ቀመር አብሮ ይጨምራል።

ለዚህኛው ዕቅድም ዳር ዳሩን አየነው። ገንዘቡ በ2 በመቶ ከዋጋ ቢቀድም 5,373፣ በ2 በመቶ ቢቀር 8,002 ብር ነው በወር። 8,002 ማለት ከአሳ ቤቱ 6,002 ነው። ይከብዳል፣ ግን ከ6,500 አያልፍም። ዕቅዱን የተቀበልኩት በዚህ ምክንያት ነው። መጥፎው መልስ ከአቅም በላይ ከሆነ ጥሩው መልስ ምንም አይጠቅምም።

## ያልሠራው

ክፍሉ በ240,000 አላለቀም። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ጨምሮ 310,000 ደረሰ። ጥፋቱ የእኔም ነው። ለባንክ ገንዘብ ያን ያህል ተጠንቅቄ፣ ለግንበኛ ግምት መጠባበቂያ አልያዝኩም። ቀሪው 70,000 ከአሳ ቤቱ እስኪሟላ ድረስ ቁጠባው በመስከረም 2018 ዓ.ም. መጀመሩ ቀርቶ ጥር ላይ ተጀመረ። አራት ወር ጠፋ። 1,584,000 ለ236 ሲካፈል 6,712 ብር ነው። በወር 112 ብር ጨመረ። በዛሬ ብር ግማሽ ሰሃን። አስደንጋጭ አይደለም፤ ዕድገት ዜሮ ሲሆን መዘግየት የሚቀጣው በወለድ ላይ ወለድ ሳይሆን በጠፋው ወር ልክ ብቻ ነው።

የባሰው ሌላ ነው። በየወሩ እኩል 20 ሰሃን ያልነው የአሳ ቤትን ዓመት አያውቅም። ጥር ላይ 20 ገባ። በሁዳዴ አሳ ቤቱ ሰው አይችለውም፤ የካቲትና መጋቢት ላይ 20 ሰሃኑ ያለ ጭንቅ ገባ። ትርፍ ብሩ ግን እጇ ላይ ቀረና ለማቀዝቀዣና ለተለያየ ወጪ ወጣ። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ዋለ። ከዚያ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ሰው ሁሉ ወደ ሥጋው ዞረ። በሚያዝያ 9 ሰሃን ገባ፣ በግንቦት 6። በሁለት ወር 25 ሰሃን ጎደለ። «አልቻልኩም» ብላ ልትተወው ነበር።

ስሌቱ የዓመቱን እንጂ የወሩን አይጠይቅም። ስለዚህ 20 በ12፣ 240 ሰሃን በዓመት አልን። በሁዳዴ ሁለት ወር 45፣ 45 ይገባል። በቀሩት አሥር ወራት 15፣ 15። ድምሩ ያው 240 ነው። የዘንድሮውን ጉድለት ደግሞ ከፍልሰታ ገበያ ለመሙላት አስባለች። ፍልሰታ 15 ቀን ብቻ ነው፤ ሁሉንም ይሞላዋል ብዬ አልጠብቅም።

## የሠራው

ሰሃኑ ሠራ። ጥብሱ አሁን 260 ብር ገብቷል። መዋጮዋም ሳንነጋገር 5,200 ሆነ። ከዓመት በፊት «መዋጮሽን በ13 በመቶ ጨምሪ» ብላት ትከራከረኝ ነበር።

ሰሃኑ ግን ፍጹም መለኪያ አይደለም። የአሳ ዋጋ ከዘይት፣ ከመድኃኒትና ከጤፍ ጋር እኩል ላይሄድ ይችላል። ሐይቁ ላይ እምቦጭ በርትቶ አሳ ቢጠፋ ሰሃኑ ይወደዳል፤ ግን ሽያጯም ይቀንሳል። ስለዚህ በየመስከረሙ የሰሃኑን ጭማሪ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ከሚያወጣው የዋጋ ንረት ጋር እናስተያያለን። ሰሃኑ ከቀረ የሰሃኑን ቁጥር እንጨምራለን።

ገንዘቡ የሚቀመጥበትም ተለወጠ። በየወሩ የሚገባው ተራ ሂሳብ ላይ ይከማቻል። ዓመቱ ሲሞላ ተጠቃሎ ወደ አንድ ዓመት የጊዜ ገደብ ሂሳብ ይዛወራል። የሦስት ወር ወጪዋ ግን ለብቻው፣ በተራው ሂሳብ ይቆያል። የጊዜ ገደቡ ሳይደርስ ገንዘብ ቢወጣ የተባለው ወለድ አይገኝም፤ ዜሮ ያልነው ዕድገት ወደ ኪሳራ የሚሄደው በዚህ በር ነው።

## ለሌላ ሰው ስሌት የሚሆነው

ቁጥሮቿ ለሌላ ሰው አይሆኑም። አሠራሩ ግን ይሆናል። ግባችሁን በዛሬ ብር ከጻፋችሁ፣ የዕድገቱን ቁጥርም ንረትና ግብር ቀንሳችሁ ጻፉ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ብር መሆናቸውን ለማወቅ መልሱን ወደምታውቁት ዕቃ ለውጡት። ለእሷ ሰሃን ነው፤ ለመምህር ኩንታል ጤፍ፣ ለባጃጅ ሹፌር ሊትር ነዳጅ ሊሆን ይችላል። በዕቃው ሲቆጠር የማይረባ ዕቅድ፣ በብር ሲቆጠር ቢያምርም ያው ነው።

ሁለተኛው፣ መልሱ ከአቅም በላይ ሲመጣ የሚነኩት ቁጥሮች ዕድሜ፣ ወጪና ሌላ ገቢ ናቸው። ዕድገቱ የሚነካው ባንኩ ሲለውጠው ነው።

እኔና እሷ አንድ ነገር ላይ እስካሁን አልተስማማንም። ከ63 እስከ 85 ያለውን 22 ዓመት የሠራነው ያን ጊዜም ገንዘቡ ከዋጋ ጋር እኩል ይሄዳል ብለን ነው። በ2 በመቶ እየቀረ ቢሄድ 1,584,000ው ከ85 በፊት ያልቃል፤ ከዚያ የሚቀራት የሦስቱ ክፍል 6,000 ብር ነው። እኔ ሕክምናን አስቤ ከወዲሁ በወር 3 ሰሃን እንጨምር እላለሁ። እሷ ደግሞ አራተኛ ክፍል ትላለች። መስከረም ላይ ደብተሩን ስንከፍት እንነጋገርበታለን፤ የግንበኛውን ግምት ግን በዚህኛው ጊዜ በአንድ ሦስተኛ ከፍ አድርጌ ነው የምጽፈው።